ልጃችሁ የት ደረሰ?

ባለቤቴ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ሥራዋን የሚጠይቃት ሰው ሲኖር «ተኳሽ ነኝ» ብላ ትመልስና ፊቱን ታያለች፤ ከደነገጠላት ደስ ይላት ነበር። ሌላ ቀልድ ብዙ አታውቅም። ካረፈች ወዲህ ስለ እሷ የሚወራው ነገር አንድ ዓይነት እየሆነ ስለመጣ፣ እኔ በቅርብ ያየሁትን ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግኩ።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። የእንፋሎቱ ቧንቧ ጣራውን ታክኮ ያልፋል፤ ግድግዳው ሁልጊዜ ላብ ላብ ይለዋል። ሸሚዝ ሲመጣላት መጀመሪያ ኮሌታውን ከጫፍና ከጫፍ ወደ መሐል ትተኩሳለች፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ የእጅጌውን አፍ፣ ከዚያ እጅጌውን፣ መጨረሻ ላይ ገላውን። ከሥር የጀመረ ሰው ላይኛውን ሲተኩስ የሠራውን መልሶ ያጨማድዳል ትል ነበር። ቤት ውስጥ የእኔን ሸሚዝ የምተኩሰው ግን እኔው ነኝ። ማታ ካውያ ማየት አትፈልግም።

አባቷ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። አምስት ልጆች ወለዱ። ወገባቸው ሲሰበር ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ፤ አምስቱንም ማስተማር አይቻልም፣ አንዱ ይማር ተባለ። የመጀመሪያው ልጅ ጎበዝ ነበርና እሱ ይማር ተባለ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ከእሱ አታንስም ነበር ይባላል፣ እሷ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም። ልብስ አጣቢዎች ጋ ገባች። ታናናሾቿም በየሥራው ተበተኑ። ታላቅየው መሐንዲስ ሆነ። ያደጉበት ግቢ ውስጥ ልጇ ትምህርት የሰለቸባት እናት ሁሉ «የተሸካሚው ልጅ መሐንዲስ ሆኗል፣ አንተ ምን ጎደለህ?» እያለች ጆሮውን ትቆነጥጥበታለች። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይፈካ ነበር። «ጋሼ እኮ ነው!» ትላለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማታ ማታ ኮሌጅ ገባች። ዲፕሎማውን ልትጨርስ አንድ ትምህርት ሲቀራት፣ ሆቴሉ የተኩስ ክፍሉን ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ልብሱ ውጭ ወዳለ ድርጅት ሄዶ በማሽን ተተኩሶ ይመለሳል። የሚቀረው ልብሱን አይቶ የሚረከብ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ ዲፕሎማ ያለው። የቀድሞው ተቆጣጣሪ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ነበር የገባበት።

«እትዬ፣ ይቺ ወንበር ያንቺ ናት» አለቻት አብራት የምትተኩሰው ሴት። ወሬ ስለማይቋረጥባት ራዲዮ ይሏታል። «እኔማ ዲፕሎማ ሲሉኝ መድኃኒት መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ እኮ ከእኔ በፊት ነው የገባሽው።»

«ቀድሞ መግባት ቢቆጠርማ ቧንቧው ነበር ሥራ አስኪያጅ የሚሆነው።»

የቀራት ትምህርት ስለ ማኅበረሰብ የሚያጠና ነው። ፈተናው አንድ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን፣ ጽሑፉን ለመጀመር መጀመሪያ ዕቅዱን አቅርቦ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ዕቅዱ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ ትምህርቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ደግሞ ምድር ቤቱ ተዘግቷል፣ ወንበሩም ተይዟል። እኔ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ፤ ሥራው አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም። ቤታችን የቆመው በእሷ ካውያ ላይ ነበር።

ጥያቄው ይህ ነው፦ እኩልነት በሌለበት ማኅበረሰብ ከአንድ የኑሮ ደረጃ ወደ ሌላው መሸጋገር በእርግጥ አለ? ወይስ ርዕዮተ ዓለም ነው?

የመጀመሪያው ዕቅዷ ተመልሶ ነበር። የወንድሟን ታሪክ ከልጅነት እስከ ምርቃት ጽፋ «ስለዚህ አለ» ብላ ነበር የደመደመችው። መምህሩ ከታች በቀይ «ገጠመኝ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። አባቶች የት ነበሩ፣ ልጆች የት ናቸው? ብዙ ቤት ይቁጠሩ» ብሎ ጻፈበት።

ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ ወዳደጉበት ግቢ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። በየበሩ ቆማ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ልጃችሁ የት ደረሰ?»

«የእኔው ሹፌር ነው» አሉ አንዲት እናት። «የመንግሥት መኪና ነው የሚነዳው። የራሱ መሰለሽ? ቢሆንም ወንበሩ ቆዳ ነው።»

«አባቱስ?»

«አባቱንማ ጀርባው ላይ የሰው ዕቃ ነው ሲጋልበው የኖረው!»

የጠባቂው ልጅ ነርስ፣ የቆሻሻ ጠራጊው ልጅ ጸሐፊ፣ የአናጢው ልጅ የባንክ ገንዘብ ከፋይ። እሷ ትጽፋለች፣ ፊቷ ይበራል። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን የጡብ ቤቶችም ጠየቀች። የዳኛው ልጅ ጠበቃ፣ የፋርማሲው ባለቤት ልጅ ሐኪም። ቤት ገብታ ሠንጠረዥ ሠራች፤ ወደ ታች የአባቶችን ሥራ፣ ወደ ጎን የልጆችን። ከግቢው አንድም የወረደ የለም። «አየህ? ሁሉም ወጥቷል። አለ!» አለችኝ። ያን ያህል ደስ ብሏት ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

ዕቅዱን ለመምህሩ ልታሳይ ስትሄድ «ብቻዬን ከገባሁ ምላሴ ይተሳሰራል» ስላለች አብሬያት ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። መምህሩ ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፤ አንቱ ነበር የሚላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ሠንጠረዡን ጊዜ ወስዶ አየው።

«ጥሩ ለፍተዋል» አለ። «ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። በግቢው ሁሉም ከአባቱ ከፍ ብሏል። አባቶች በተሸከሙበት ዘመን ስንት ቢሮ ነበር? ስንት ባንክ?»

«ጥቂት።»

«አሁን ብዙ ነው። ወንበሩ ሲበዛ ከታች ያለው ሰው ይወጣል፤ ይህ እውነተኛ መሸጋገር ነው፣ ፍጹማዊ እንለዋለን። ግን የጡብ ቤቶቹን ይዩ። እነሱም ከላይ ናቸው። የዳኛው ልጅና የተሸካሚው ልጅ ወደ አንድ ወንበር ቢሮጡ ማን ነው የሚቀድመው? ይህን የሚለካው ሌላው ነው፣ አንጻራዊው። እሱ ተለውጧል?»

እሷ ትንሽ አሰበች። «እንደ ማንጠልጠያ ነው» አለች። «የሸሚዝ ማንጠልጠያው ዘንግ በሙሉ ወደ ላይ ቢነሳ ሸሚዞቹ ሁሉ ከፍ ይላሉ። ተራቸው ግን ያው ነው።»

«ልክ ነዎት። ይህን ይጻፉት። በአንጻራዊው አንድ ሰው ሲወጣ ሌላው መውረድ አለበት። ከጡብ ቤት የወረደ ልጅ አግኝተዋል?»

«የፋርማሲው ሁለተኛ ልጅ ትምህርት አልሆነለትም። ግን... አባቱ ሱቅ ከፈተለት።»

«ስለዚህ ወለል አለው፣ ከዚያ በታች አይወድቅም። ከታች የሚመጣው ሰው የሚገባበት ቦታ ያልተለቀቀው ለዚህ ነው። ደረጃዎቹ በተራራቁ ቁጥር ደግሞ ያለው ሰው ለልጁ የሚያነጥፈው ወለል ይወፍራል፤ የሌለው ደግሞ የሚዘልለው ይሰፋበታል። እኩልነት በጎደለባቸው አገሮች የአባት ቦታ ልጁን አጥብቆ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።»

እሷ ትጽፍ ነበር። እሱ ቀጠለ። «ሁለተኛው ጥያቄዬ፤ እዚህ የተሸካሚው ልጅ መሐንዲስ ይላል። ይህ ተሸካሚ ስንት ልጅ ነበረው?»

«አምስት።»

«ሠንጠረዡ ላይ አንድ ነው ያለው።»

ሠንጠረዡን ወደ ራሷ ስባ አየችው።

«ሰዎቹን ምን ብለው ነው የጠየቋቸው?»

«ልጃችሁ የት ደረሰ ብዬ።»

«እናት እንዲህ ተብላ ስትጠየቅ የትኛውን ልጅ ነው የምትነግርዎ?»

ራሷን ነቀነቀች። ገብቷታል። መምህሩ ግን አልጨረሰም፤ ክፋት አስቦ ሳይሆን ሥራው ሆኖበት። «ይህ ተሸካሚ አባትዎ መሆናቸውን በመጀመሪያው ዕቅድ ጽፈውልኛል። ታዲያ እርስዎ የት ነዎት?»

የገዛ አባቷን መሥመር ስትሞላ ወንድሟን ብቻ ነበር የጻፈችው። ራሷን ረስታለች። የጋሼን ስም ብቻ እንድትጽፍ ማንም አልነገራትም፤ በሯን ያንኳኳችው እሷው ናት፣ መልሱንም የሰጠችው እሷው። እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ የካውያው ጠባሳ እየታየ።

«ሁሉንም ልጆች ይዘው ይምጡ» አላት መምህሩ ቀስ ብሎ። «ከግቢው የለቀቁትንም፤ የቀሩትን ብቻ ከጠየቁ ሚዛኑ ይዛባል። የዛሬውን እንደ ምክክር እይዘዋለሁ፤ እንደ ተመለሰ አልቆጥረውም። የሚቀጥለው ግን ይቆጠራል።»

ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው አልነበረም። «ሌሎቹስ ልጆች?» ማለት ሌላ በር ማንኳኳት ነው። የሹፌሩ እናት ልጃቸው ስለሚነዳት መኪና ሲያወሩ የነበሩት፣ ስለ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ስትጠይቃቸው «ሥራ የለሽም? ሂጂ ወደ ቤትሽ!» ብለው በሩን በፊቷ ዘጉት። አንዱ አባት ስለ ታናሹ ልጁ አፉን ሲከፍት እንባ ቀደመው። የነርሷ ወንድም በዚያው ቀን ራሱ ከጓሮ ብቅ ብሎ «እኔን ጻፊኝ፣ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልደረስኩም» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለሳቅ የሚሆን አልነበረም። በየቤቱ ያው ነው። አንዱን ለማውጣት ሌሎቹ ከሥር ቆመዋል፤ የቆሙትን የሚቆጥር የለም። እሷ ማታ ሠንጠረዡን ስትሞላ፣ ለእያንዳንዱ ወጣ ለተባለ ልጅ ሦስት አራት ከአባታቸው ቦታ ፈቅ ያላሉ፣ አንዳንዶቹም ቁልቁል የሄዱ ወንድሞችና እህቶች መጡባት። የጡብ ቤቶቹ ግን ሁሉም ልጆች፣ ሰነፉም ጭምር፣ ላይ ናቸው።

እሷም ጻፈች። ቀኑ እየተጠጋ ነበር፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የማሽኑ ድርጅት ሰዎች መጥተው የሚወስዱትን ልብስ መቁጠር ጀምረዋል።

ወሬው ጋሼ ጆሮ ደረሰ። ቤታችን መጣ፤ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ቆመ።

«እቴ፣ ግቢውን በሙሉ ልጆቻችሁ ወድቀዋል እያልሽ እየዞርሽ ነው አሉ።»

«እንዲህ አላልኩም ጋሼ። ቁጭ በል።»

«እኔንም ጽፈሽኛል?»

«ሁላችንንም ጽፌያለሁ። አምስታችንንም።»

ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። ከላይ «ዋና መከራከሪያ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። እንዲህ ይል ነበር፦ መሸጋገር በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ጥቂቶቹ መውጣታቸው ሁሉም ሊወጣ ይችል ነበር ለማለት ሲያገለግል፣ ያን ጊዜ ርዕዮተ ዓለም ይሆናል።

«ስለዚህ እኔ ውሸት ነኝ?»

«አይደለህም።»

«የመንገድ መብራት ሥር ነው ያነበብኩት! ጫማዬ አፉን ከፍቶ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። ማን ነው የገፋኝ? የትኛው ርዕዮተ ዓለም ነው ፈተና የተፈተነልኝ?»

«ጋሼ፣ እውነት ስለሆንክ እኮ ነው የሚሠራው። ውሸት ብትሆንማ ማን ያምናል? አንድም የማይወጣ ቢሆን ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ስለወጣ ነው የቀረው ሰው ጥፋቱን ራሱ ላይ የሚፈልገው። እኔም ራሴ ላይ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ከአንተ የምሰንፍ ይመስለኝ ነበር።»

«ማን ሰነፍ አለሽ?»

«ማንም። ያንተን ታሪክ በነገሩኝ ቁጥር ግን እሰማው ነበር።»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ መለመን ባለ ድምፅ «ይህን አታስገቢው» አላት። «ቢሮዬ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ሌላ ዕቅድ ያዘጋጁልሻል። ‹አለ› ብለሽ ጻፊ፣ ለአስተማሪውም ይቀልለዋል፣ አንቺም ታልፊያለሽ። አንቺ ብታልፊ እኮ ነው የሚሻለው፤ ሥራሽ ነው የሚሄደው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከዚህ ወረቀት ላይ አንዴ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ አልወጣም።»

ሳይሰናበተን ወጣ። እሷ ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት ላይ አንድ ክፍል ጨመረች፤ ተቃራኒውን ሐሳብ። ትምህርት ስለተስፋፋ ዕድሉ እኩል ሆኗል የሚል ሰው ቢመጣ ምን እመልሳለሁ ብላ። መልሷ፦ ወረቀቱ በሁሉም እጅ ሲገባ፣ ለዚያው ወንበር የሚጠየቀው ወረቀት ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ እኩል ወረቀት ከያዙት መሐል የሚመረጠው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለው ነው። ይህን የጻፈችው ከመጽሐፍ አንብባ ነው። በራሷ ላይ ለመድረስ ግን ብዙም አልቆየም።

ዕቅዱ አለፈ። መምህሩ «አሁን የራስዎን ጥያቄ ይዘዋል» ብሎ ጻፈበት። ረጅሙን ጽሑፍም ጽፋ አለፈች፤ ዲፕሎማውን ያዘች። ወዲያው ሆቴሉ የወንበሩን ማስታወቂያ ለጠፈ። ዲፕሎማ የሚለው ተሠርዞ ዲግሪ ተብሏል።

የዚያን ዕለት ቤት ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም። «ዲግሪ» አለችኝ። «ለካልሲ ቆጠራ።» ልትስቅ ሞከረችና አልሆነላትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከታ ወደ ግድግዳው ስታይ ቆየች።

ጋሼ በማግስቱ መጣ። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ያውቀዋል፤ ሕንፃው ሲታደስ መሐንዲሱ እሱ ነበር። «ተቆጥተሽብኛል፣ ተቆጥቼብሻለሁ፣ ይቅር» አለ። «አንድ ስልክ ነው። ልደውል?»

እሱ ደጅ ወጥቶ ሲጠብቅ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ትክክል አይደለም» አለችኝ። «ራዲዮ ከእኔ ትቀድማለች፤ ልጆች አሏት። ግን እኔ አይደወል ብል ራዲዮ ትገባለች? አትገባም። ሌላ የሚደወልለት ሰው ነው የሚገባው። የቤት ኪራዩን ደግሞ በርዕዮተ ዓለም አንከፍልም» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ውስጥ ሆና «ይደውል» አለች።

ገባች። ራዲዮና ሌሎቹ ተሰናበቱ። ራዲዮ በመጨረሻው ቀን ካውያዋን ነቅላ ገመዱን ጠቅልላ አስቀመጠችና «እትዬ፣ ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ስልሽ ደግሞ እያለቀስኩ ስለሆነ አትይኝ» አለቻት። ባለቤቴ አቀፈቻት። አዲሱ ሥራዋ ብርሃን ያለበት ክፍል ነበር፤ የመጡትን ሸሚዞች ታያለች፣ ኮሌታቸው ያልተስተካከለውን ትመልሳለች። ራዲዮን የማሽኑ ድርጅት ውስጥ አስገቡልኝ ብላ ደጅ ጠናች። አልተሳካላትም። ብዙም ሳትቆይ ሳንባዋ ታመመ፤ ሐኪሙ የብዙ ዓመት እንፋሎትና የሳሙና ኬሚካል ነው አለ። በዚያው ሄደች።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሞልቶ ሰዉ እስከ ደጅ ተቀምጦ ነበር። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም መጣ። ተነሥቶ፣ ይህቺ ሴት ከምድር ቤት ካውያ ተነሥታ በትምህርቷና በጥረቷ ብቻ የተቆጣጣሪነት ወንበር ላይ የደረሰች፣ የቆረጠ ሰው የማይደርስበት ቦታ እንደሌለ ያሳየችን ምሳሌ ናት አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። የግቢው እናቶች ልጆቻቸውን ጎሸም እያደረጉ «ትሰማለህ? ትሰማለህ?» ይላሉ።

ጋሼን አየሁት። እሱም አየኝ። አንገቱን ደፋ። የደወለው እሱ ነው፣ ግን ምን ይበል? እህቴ እንዲህ አይደለችም ቢል እሷን ማዋረድ ነው የሚመስለው።

ራዲዮ በሩ አጠገብ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሥራ ካጣች ቆይታለች፤ የለበሰችው ሹራብ የባለቤቴ ነው፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲጨርስ አጠገቧ ያሉት አንዲት ሴትዮ፣ ማንነቷን ሳያውቁ፣ «አየሽ የኔ ልጅ? እኛስ ምን አነሰን? ስንፍናችን እንጂ» አሏት።

ወሬ የማይቋረጥባት ራዲዮ ዝም ብላ ወለሉን አየች። ቆይታ «እውነትዎን ነው እማማ፤ ስንፍናዬ ነው» አለች፤ ተነሥታም ከእንግዶቹ ፊት ባዶ ብርጭቆዎችን ትለቅም ጀመር።